«እሺ» ብላ ዝም ያለች ጓደኛ፦ ከጭቅጭቅ በኋላ የይቅርታ ቴክስት አጻጻፍ

ሁለት ቴክስት አለኝ። አንዱን የላኩት ከተጣላን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ ሁለተኛውን ከሁለት ቀን በኋላ። ለመጀመሪያው የመጣልኝ መልስ «እሺ» ብቻ ነበር። ከጓደኛ የሚመጣ ደረቅ «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንብቤዋለሁ፣ አሁን ተዪኝ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጓደኛዬ በተቀጣጠርንበት ቀን፣ እኔ ቦታው ደርሼ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኳት፣ ደውላ «ዛሬ አልመጣም» አለችኝ። ስትቀር ይሄ ሦስተኛዋ ነው። ተጨቃጨቅን። «አንቺ ደግሞ ሁሌ ሒሳብ እንደያዝሽ ነው» አለችኝ። እኔም ሳላመነታ «ሰው የማይበረክትልሽ ለዚህ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ይሄን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ነገር ተናግራችሁ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ምን ብዬ ልጀምር ለምትሉ ነው። አርፍዶ ይቅርታ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው፤ ልደት ረስቶም እንዲሁ። እነሱ ቀላል ናቸው። ይሄኛው ግን የጓደኛን ደካማ ቦታ እያወቁ፣ በጸብ መሃል እዚያው ላይ መውጋት ነው። ምሳሌዎቹን በሴት ጽፌያቸዋለሁ፤ ጓደኛችሁ ወንድ ከሆነ ቀይራችሁ አንብቡት።

1. መጀመሪያ ስልኩን አስቀምጡት

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ የሚጻፈው ይቅርታ ብዙ ጊዜ ይቅርታ አይደለም። ጭንቀት ነው። ሆዳችሁ ውስጥ የተፈጠረውን መጥፎ ስሜት ቶሎ ለማባረር የምትጽፉት ነገር ነው፤ እሷም ስታነብ ይታወቃታል። 2005 እ.ኤ.አ. ላይ ሲንቲያ ፍራንትዝ እና ኮርትኒ ቤኒግሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይሄንኑ አጥንተው ነበር። ያገኙት ነገር በአጭሩ፣ ወዲያው ከመጣ ይቅርታ ትንሽ ዘግይቶ የመጣው የተጎዳውን ሰው የበለጠ ያረካል የሚል ነው። ምክንያቱ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ አይደለም። በመሃል የተጎዳው ሰው የሚሰማውን የሚናገርበት፣ «ገብቷቸዋል» የሚልበት ጊዜ ስለሚያገኝ ነው።

ታዲያ ስንት ሰዓት ይጠበቅ? በሰዓት ባልለካው እመርጣለሁ። ይልቅ አንድ መፈተኛ አለኝ። የተናገራችሁትን ዓረፍተ ነገር፣ ምንም ሳታለሰልሱ፣ ቃል በቃል ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ አንብቡት። አንብባችሁ ስትጨርሱ ውስጣችሁ «እሷም እኮ…» ብሎ ከጀመረ ገና ናችሁ። ስልኩን መልሱት። አንብባችሁት ፊታችሁን ካኮማተራችሁ፣ «ይሄንን ነው ያልኩት?» ካላችሁ ደርሳችኋል። እኔ ያን ቀን ማታ ሞክሬው «ሦስት ጊዜ ቀርታ!» ብዬ ወረቀቱን ገለበጥኩት። በማግስቱ ማታ ነው የቀለለልኝ።

ግን ለሳምንት አይደለም። እሷ በዝምታው ውስጥ ያልተባለውን ሁሉ እየሞላች ነው፤ «የምታስበውን ነው የተናገረችው፣ ስለዚህ ይቅርታም አትጠይቅም» ወደሚለው ለመድረስ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃታል። ንዴታችሁ እንደማይበርድ ካወቃችሁ በመሃል አጭር ማቆያ ላኩ፦

«ትናንት ያልኩሽ ነገር ልክ አልነበረም። አውቄዋለሁ። በችኮላ መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው፤ ነገ በደንብ እጽፍልሻለሁ።»

ይሄ ብቻ። ማብራሪያ አትጨምሩበት። ነገ ካላችሁ ደግሞ ነገ ጻፉ፤ ማቆያውን ልኮ መጥፋት ምንም ካለመላክ የባሰ ነው።

2. ቃሉ ያረፈበትን ቦታ ፈልጉ

አብዛኛው ሰው ይሄን ደረጃ ይዘልለዋል፤ እኔም ዘልዬው ነው «እሺ» የተባልኩት።

ጥያቄው «ምን አልኩ?» አይደለም፤ እሱን ወረቀቱ ላይ ጽፋችሁታል። ጥያቄው «ያልኩት ነገር እሷ ውስጥ የት ሄዶ አረፈ?» ነው። አንድ ዓይነት ቃል ለአንዱ ስድብ ነው፣ ለሌላው ቀልድ ነው፣ ለሦስተኛው ደግሞ ለዓመታት ሲሸሸው የኖረ ነገር ማረጋገጫ ነው። «ሰነፍ ነህ» ብትሉት የሚስቅ ጓደኛ አለ፤ አባቱ በዚያ ቃል ሲጠራው ያደገ ጓደኛም አለ።

የእኔን ልንገራችሁ። ከዓመት በፊት ጓደኛዬ ከምትወደው ሰው ተለያይታ ነበር። አንድ ምሽት እያለቀሰች «ሰው የማይበረክትልኝ እኔ ጋ የሆነ ችግር ስላለ ይመስልሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይደለም» አልኳት። አምናኝ ነው የተኛችው። ከዓመት በኋላ በስልክ ያልኳት ዓረፍተ ነገር እንግዲህ ተራ ስድብ አልነበረም ማለት ነው። ለዚያ ምሽት ጥያቄ የተሰጠ ሁለተኛ መልስ ነበር። የመጀመሪያው መልሴ ውሸት ነበር፣ እውነቱ ይሄ ነው እንዳልኳት ነው የሰማችው። የራሷን ቃል ሳይቀር ወስጄ ነው የመለስኩላት።

ይሄን እስካላገኛችሁ ድረስ ቴክስቱ ውስጥ የሚገባ ነገር የላችሁም። ለማግኘት እነዚህን ራሳችሁን ጠይቁ። ይሄን ነገር ስለ ራሷ ስትናገር ሰምቻት አውቃለሁ? የነገረችኝ በምስጢር ነው? ሌላ ሰው እንዲህ ብሏት ያውቃል? እና የሚከብደው፦ ከብዙ ቃላት መሃል ይሄኛውን ለምን መረጥኩት? መልሱ ብዙ ጊዜ «የሚያማት እሱ እንደሆነ ስለማውቅ» ነው። ሰው ተናዶ ዝም ብሎ አይወረውርም፤ ያነጣጥራል።

ካልገባችሁ አትገምቱ። «ያልኩሽ ነገር በጣም እንደጎዳሽ አይቻለሁ፣ የት እንደነካሽ ግን በደንብ የገባኝ አይመስለኝም፤ ስትፈልጊ ብትነግሪኝ አዳምጣለሁ» ማለት የተሳሳተ ቁስል ላይ ፋሻ ከመጠምጠም ይሻላል።

3. መጥፎውን ቴክስት እንፍታው

የላኩት ይሄ ነበር፦

«ሶሪ በጣም ተናድጄ ስለነበር ነው። ካስቀየምኩሽ ይቅርታ። ግን አንቺም ሦስተኛሽ ነው፣ እኔም ሰው ነኝ። የተባባልነውን እንርሳው በቃ። እንደምወድሽ ታውቂያለሽ።»

ስታዩት ምንም አይልም። ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምንጽፈው። አሁን አንድ በአንድ እንየው።

«ተናድጄ ስለነበር ነው» ቀድሞ ገባ። ገና ምን እንዳጠፋሁ ሳልናገር ምክንያቴን አስቀደምኩ። መናደዴን እሷም ታውቃለች፤ እዚያው ነበረች።

«ካስቀየምኩሽ» የሚለው «ካ» ትንሽ ፊደል ናት፣ ሥራዋ ግን ከባድ ነው። መቀየሟን ጥያቄ ውስጥ ታስገባዋለች። ስልክ ዘግታብኝ እያለ «ከተቀየምሽ» ማለት፣ ምናልባት አንቺ ነሽ ነገር የምታከብጂው እንደማለት ነው። «ተሳስቼ ከሆነ»፣ «ያጠፋሁት ነገር ካለ» የሚሉትም የዚችው ዘመዶች ናቸው። «ስላስቀየምኩሽ» ስትሉት ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል።

«ግን» ስትመጣ ከሷ በፊት ያለው በሙሉ ይሰረዛል። አንባቢ ከ«ግን» በኋላ ያለውን ነው ይዞ የሚሄደው። ቴክስታችሁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ «ግን»ን ፈልጉና አጥፉት፤ «ቢሆንም»፣ «ያው»፣ «እንግዲህ» በሚሉ ስሞችም ተደብቆ ይገባል።

«የተባባልነው» ላይ ብዙ ሰው አይነቃም። ተባባልን ማለት ሁለታችንም አልን ማለት ነው። ቋንቋችን እንዲህ ዓይነት በር ብዙ አለው፤ «የተፈጠረው ነገር»፣ «በመሃላችን የገባው ነገር»፣ «ከአፌ አመለጠኝ»፣ «ሰይጣን ነው»። ሁሉም ላይ የተናገረው ሰው የለም። ነገሩ በራሱ ተፈጠረ፣ በራሱ ገባ፣ በራሱ አመለጠ። «ተናገርኩሽ» ስትሉ ብቻ ነው ባለቤቱ የሚመጣው።

«እንርሳው»። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? መርሳት እሷ ብትፈልግ የምታቀርበው ነገር ነው እንጂ እኔ የማዘው አይደለም።

መጨረሻ ላይ ያለው «እንደምወድሽ ታውቂያለሽ» ደግሞ ከሁሉም አስገራሚው ነው፤ ምክንያቱም ያን ሰዓት የማታውቀው ነገር ቢኖር እሱ ነበር።

4. አሁን ጻፉት፦ ከስድስት እስከ ስምንት ዓረፍተ ነገር

በቻቱ መጻፊያ ላይ አትጀምሩ፤ በስህተት ልትልኩት ትችላላችሁ። በዚያ ላይ እሷ ቻቱን ከፍታ ካለች ለሃያ ደቂቃ «እየጻፈች ነው» የሚለው ምልክት ሲበራና ሲጠፋ ታያለች። የስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉና ገልብጡት።

የሚጀምረው በራሱ በቃሉ ነው። የተናገራችሁትን፣ እንዳለ፣ በትምህርተ ጥቅስ አስቀምጡት። ይሄ ይከብዳል። «ያን መጥፎ ነገር» ብላችሁ ልታልፉት ትፈልጋላችሁ። አትለፉት። «ለተናገርኩት ነገር» የሚል ይቅርታ እሷን «የትኛውን ማለቷ ነው? ገብቷታል?» እያሰኘ ያስቀራታል። ቃሉን መልሳችሁ ስትጽፉት ግን የሰማችውን እንደሰማችሁት ታውቃለች። ልዩነት ያለው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ቃሉ ዳግም ሲነበብ ራሱ የሚያቆስል፣ ስለ አካል፣ ስለ ሞተ ሰው፣ ስለ ደረሰባት ጥቃት የተነገረ ከሆነ አትድገሙት። «ስለ ወንድምሽ የተናገርኩትን» ማለት ይበቃል።

ቀጥሎ ያደረጋችሁትን አምናችሁ ተቀበሉ። እዚህ ላይ ሮይ ሌዊኪ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር 2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይጠቅማል። አንድ ይቅርታ ውስጥ ሊገቡ የሚችሉ ስድስት ነገሮችን ለይተው ሰዎች እንዲመዝኗቸው አደረጉ፤ ጸጸት፣ ምክንያት፣ ጥፋትን መቀበል፣ አልደግመውም ማለት፣ ለመካስ መሞከር እና ይቅር በሉኝ ብሎ መጠየቅ ናቸው። ከሁሉም ከፍ ያለው «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ሆነ። ዝቅተኛው «ይቅር በሉኝ» የሚለው ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው የተገላቢጦሽ ነው፤ «ይቅር በይኝ» አሥር ጊዜ፣ «አጥፍቻለሁ» ዜሮ ጊዜ።

«ይቅር በይኝ» ትእዛዝ መሆኑንም ልብ በሉ። በልመና ድምፅ ቢጻፍም ሥራ የሚሰጠው ለእሷ ነው። «ይቅርታ እጠይቅሻለሁ» ስትሉ ሥራው እናንተ ጋ ይቀራል። «አዝናለሁ» ደግሞ ብቻውን ሲቆም ለቅሶ ቤት የገባችሁ ያስመስላል፣ የተጎዳችውን ያዝኑላታል እንጂ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይናገርም። «ሶሪ» እግር ሲረግጡ ጥሩ ናት።

ሦስተኛው፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ያልጠየቀችውን ጥያቄ መመለስ ነው። ክፉ ቃል የተነገረው ሰው ሌሊት ተኝቶ የሚያስበው «ለምን ሰደበችኝ?» ብሎ አይደለም። «እስከዛሬ ስለኔ የምታስበው ይሄን ነበር?» ብሎ ነው። ይሄን ካልመለሳችሁ ይቅርታችሁ የተነገረውን ሳይሆን መነገሩን ብቻ የሚጸጸት ይመስላል፤ ማለትም «በሆዴ መያዝ ነበረብኝ» እንዳላችሁ ነው የሚነበበው። ስለዚህ በግልጽ ጻፉት። አምናችሁበት ካልሆነ «የማምነው ነገር አይደለም» በሉ። ለምን እንዳላችሁትም እዚሁ፣ በአንድ ሐረግ፣ ራሳችሁን በማያጸዳ መንገድ ማስገባት ይቻላል።

ከዚያ አንድ ነገር ቃል ግቡ፤ ትንሽ፣ የሚታይ። «ሁለተኛ አልቆጣም» ውሸት ነው፣ ትቆጣላችሁ። «ያን ነገር ሁለተኛ በጸብ መሃል አላነሳም» ግን ልትጠብቁት የምትችሉት ነው። መጨረሻ ላይ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ውጡ።

ሁለተኛው ቴክስቴ ይሄ ነው፦

«ቅዳሜ በስልክ ስንጨቃጨቅ ‹ሰው የማይበረክትልሽ ለዚህ ነው› አልኩሽ። እንዲያምሽ ፈልጌ ነው ያልኩት። አምነሽኝ አልቅሰሽ የጠየቅሽኝን ጥያቄ ወስጄ መልሼ አንቺኑ ወጋሁበት፤ ይሄ ጥፋቴ ነው፣ አንቺ ያደረግሽው ምንም ነገር ለዚያ አያበቃኝም ነበር። ያን ምሽት ‹አይደለም› ያልኩሽ እውነቴን ነው፣ ዛሬም መልሴ ያው ነው። ቅዳሜ ያልኩት የማምነው ነገር ሆኖ ሳይሆን እጄ ላይ የነበረው ትልቁ ድንጋይ እሱ ስለነበር ነው። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ያን ነገር ሁለተኛ በጸብ መሃል አላነሳውም። ለመመለስ አትቸኩዪ፤ አሁን ማውራት ባትፈልጊም ይገባኛል።»

ስለ ቀጠሮው አንድም ቃል የለም። ስለ ሦስት ጊዜ መቅረቷም የለም። መናደዴም አልተጻፈም።

5. ቅሬታችሁ እውነት ከሆነስ?

ይሄን ጥያቄ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ፤ «እሷም እኮ አጥፍታለች፣ ዝም ልበል?»

ዝም አትበሉ። ግን እዚህ ቴክስት ውስጥ አታስገቡት። ሦስት ጊዜ መቅረቷ እውነተኛ ቅሬታ ነበር፣ ዛሬም ነው። ችግሩ እኔ ራሴ ቅሬታዬን አበላሸሁት። «ሦስት ጊዜ ቀረሽብኝ» ብዬ ብቆም እሷ መልስ መስጠት የነበረባት ሰው ነበረች፤ ያን ክፉ ቃል ስጨምርበት ግን የተበደለችው እሷ ሆነች። ሁለቱን ነገሮች በአንድ መልእክት ካቀረባችሁ ይቅርታው ለቅሬታው መግቢያ ይሆናል። በሌላ ቀን፣ ቢቻል በአካል ወይም በስልክ፣ እሷ ለይቅርታው የፈለገችውን መልስ ከሰጠች በኋላ አንሱት።

ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። የተናገራችሁትን በከፊል የምታምኑበት ከሆነስ? ለምሳሌ «ራስ ወዳድ ነሽ» ብላችኋት፣ አንዳንዴ እንደዚያ የምታስቡ ከሆነ። ያን ጊዜ «ፈጽሞ አላምንበትም» ብላችሁ አትዋሹ፤ ከዓመታት በኋላ በሌላ ጸብ ተመልሶ ይወጣል። ልኩን ተናገሩ፦ «አንድ ነገር ከፍቶኝ ነበር፣ እሱን በስሙ መናገር ሲገባኝ አንቺን በሙሉ ሰደብኩ። አንድ ቀን ያደረግሽውን ያንቺ ጠባይ አድርጌ ነው የተናገርኩት፣ እሱ ውሸት ነው።» ከአንድ ድርጊት ወደ ሰው ሙሉ ማንነት የዘለላችሁበትን ቦታ ማሳየት ማለት ነው።

6. አላላክ

አንድ መልእክት አድርጋችሁ ላኩ። ሰባት ቁርጥራጭ እየተከታተለ ሲመጣ ስልኳ ሰባት ጊዜ ይጮሃል፤ የመጀመሪያውን ብቻ አይታ ልትዘጋውም ትችላለች፣ የመጀመሪያው ደግሞ «ቅዳሜ እንዲህ አልኩሽ» የሚለው ነው።

ከመላካችሁ በፊት እሷ እንደምታነበው አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጽሑፍ ድምፅ የለውም፤ እናንተ በለሰለሰ ልብ የጻፋችሁትን እሷ በቅዳሜው ድምፃችሁ ነው የምታነበው። ቀልድ ካለበት አውጡት። የሚያለቅሱና የሚስቁ ፊቶችም ይቅሩ። ልብ መላክ አሁን አያስፈልግም፣ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ሰዓቱን አስቡበት። ሥራ ልትገባ ስትል፣ ፈተና ላይ ስትሆን፣ ወይም ሌሊት ስምንት ሰዓት አይሁን። የሌሊት ይቅርታ ልብ የሚነካ ይመስለናል፣ ለሚቀበለው ግን ጠዋት ገና ዓይን ሳይገለጥ ፊት ለፊት የሚቆም ነገር ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ ለማንበብ የሚመቸው ጊዜ አመሻሽ ነው።

ከላካችሁ በኋላ አትነካኩት። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ላይ መልእክት ስታስተካክሉ መስተካከሉ ይታያል። ዋትስአፕ ላይ ስትሰርዙ ደግሞ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ቦታው ላይ ይቀራል፤ ሰው ደግሞ የተሰረዘ ይቅርታ ሲያይ የሚያስበው ደግ ነገር አይሆንም። የፊደል ስህተት ካለ ይኑር።

በድምፅ ልላክ ወይ ለምትሉ፣ ድምፅ ጥሩ ነው፣ ግን የአራት ደቂቃ ድምፅ ውስጥ «ግን» እንዳይገባ መቆጣጠር አይቻልም። ስታለቅሱ ከተሰማችሁ ደግሞ እሷ እናንተን ወደ ማጽናናት ትገባለች፤ ተጎድታ ሳለ ሥራ ታበዙባታላችሁ። ጽሑፉ ይቅደም።

7. ከተላከ በኋላ

ካነበበችና ካልመለሰች ምንም አታድርጉ። «አየሽው?» አትበሉ። አንድ ጥያቄ ምልክት ብቻ መላክም «አየሽው?» ማለት ነው። በጋራ ጓደኛ በኩል «እንዴት ናት? አኩርፋለች?» ብሎ ማስጠየቅ ደግሞ ነገሩን ለሦስተኛ ሰው ማውጣት ነው፣ ምናልባት እሷ ለማንም አልተናገረችም።

«ችግር የለም» ብላ ከመለሰች እልል አትበሉ። ችግር የለም የሚባለው ብዙ ጊዜ ችግር ሲኖር ነው። «አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ሌላ ነገር ብትይኝም አለሁ» ብላችሁ ተዉት። ተናዳ ረዥም ነገር ከጻፈች ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ጥሩ ምልክት ነው፤ ገና ከእናንተ ጋር መነጋገር ትፈልጋለች። የምትጽፈው ውስጥ የተጋነነ ነገር ይኖራል። አታርሙት። «ሁሌ እንዲህ ነሽ» ስትል «ሁሌ እንኳን…» ብላችሁ አትጀምሩ። ከጻፈችው ውስጥ እውነት የሆነውን አንዱን አንስታችሁ «ይሄን አድርጌያለሁ» በሉ፣ ሌላውን አሳልፉት።

«ለምን ግን እንደዚያ አልሽኝ?» ብላ ከጠየቀች፣ ምክንያታችሁን የምታስገቡበት ጊዜ አሁን ነው። ቅድም ሰበብ የነበረው፣ ሲጠየቅ መልስ ይሆናል። በአጭሩ ግን።

ከሳምንት በላይ ዝም ካለች አንድ ጊዜ፣ ስለ ይቅርታው ምንም ሳታነሱ፣ «እያሰብኩሽ ነው፣ መልስ አልጠብቅም» ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። ከዘጋችባችሁ በሌላ ቁጥር አትሂዱባት፤ መዝጋቷ መልሷ ነው።

ቴክስት የማይበቃበት ቦታም አለ። ቃሉን የተናገራችሁት ሰው ፊት ከሆነ ሰዎቹም መስማት አለባቸው። ግሩፕ ላይ ከሆነ እዚያው ግሩፕ ላይ «ለእሷ ያልኩት ልክ አልነበረም፣ ለራሷም ነግሬያታለሁ» የሚል አንድ መስመር ጻፉ፤ ዝርዝሩ ግን ለእሷ ብቻ። ምስጢሯን በጸቡ ላይ አውጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ማን እንደሰማ በግልጽ ንገሯት፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእናንተ ብትሰማው ይሻላል።

የእኔ ጓደኛ በሦስተኛው ቀን መለሰች። «ድንጋዩ ከባድ ነበር። ሐሙስ ደውዪልኝ» ነው ያለችው። ሐሙስ ደወልኩ። አሥር ደቂቃ ያህል ስለሌላ ነገር ካወራን በኋላ፣ ስለ ሦስቱ ቀጠሮዎች ያነሳችው ራሷ ነበረች።